«ኔትወርኩ ይፈተሽ»፣ ግን ማን ይፈትሸው? የአንድ ስብሰባ ማስታወሻ ቃለ ጉባኤ እስኪሆን

መሥሪያ ቤቱ መካከለኛ ነው፤ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር በዝግጅት ላይ ነበር። ማክሰኞ ጥቅምት 6 ዝውውሩን የያዙት ሰዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሲሆኑ፣ የአስተዳደር፣ የፋይናንስ፣ የአይቲ፣ የግዥ፣ የመዝገብ ቤትና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ተገኝተዋል። የሕግ ክፍል ኃላፊው አልነበሩም። ማስታወሻ የያዘችው የቢሮው ጸሐፊ ናት። ስብሰባው እንዳለቀ ሁለት ገጽ ማስታወሻዋን ይዛ መጣችና ቃለ ጉባኤውን አብረን አዘጋጀነው። እኔ ስብሰባው ውስጥ አልነበርኩም፤ ይህ ደግሞ በኋላ እንደሚታየው ጠቀመን።

ነገሩ ጥንቃቄ የፈለገበት ምክንያት ነበረው። ከዚያ በፊት የነበረው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ «በአዲሱ ሕንፃ የኔትወርክ ዝርጋታው ላይ ክትትል ይደረጋል» ይላል። ሁሉም አንብቦታል፤ ሁሉም ፈርሞበታል። የአይቲ ኃላፊው ከሕንፃው ባለቤት ጋር ውል ያለው አስተዳደር ስለሆነ ክትትሉ የአስተዳደር ነው ብሎ ተቀመጠ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ደግሞ ኔትወርክ የአይቲ ሥራ ነው ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም እንደ ቃለ ጉባኤው ከሆነ አላጠፉም። መጀመሪያ ለቅዳሜ ጥቅምት 17 ታስቦ የነበረው ዝውውር ወደ 24 የተገፋው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳቢያ ነው።

አሁን የጸሐፊዋ ማስታወሻ ዋና ዋና መስመሮች እነሆ፣ እንዳሉ፦

> ዝውውር — ቅዳሜ 17? አይቲ አይደርስም። 24 ይሻላል (ሰብሳቢ)። ተስማሙ
>
> ሰርቨር ቀድሞ ይሂድ። ኔትወርክ ሳይፈተሽ አይሆንም — ይፈተሽ
>
> የጭነት ድርጅት — 3 ዋጋ መጥቷል፣ ግዥ እያየው ነው። በቶሎ
>
> የድሮ ሰነድ — 10 ዓመት ያለፈው ባይጓዝስ? መዝ. ቤት ዝርዝር። ሕግ ክፍል ይየው
>
> ደንበኞች ይነገራቸው፣ እሷ ታዘጋጃለች
>
> ቁልፍ — አስተዳደርና ጥበቃ
>
> መኪና ማቆሚያ — ብዙ ክርክር!! ይታያል

መጥፎ ማስታወሻ አይደለም። ሰው እያወራ የሚጻፍ ማስታወሻ ከዚህ የተሻለ አይሆንም፤ እንዲያውም የጥያቄ ምልክቶቹን አለመዝለሏ በኋላ አንድ ትልቅ ጥፋት አስቀርቶልናል። ችግር የሚመጣው ይህን ማስታወሻ ሥርዓት ባለው ዓረፍተ ነገር ብቻ አጊጠን ቃለ ጉባኤ ያልነው እንደሆነ ነው። «ይፈተሽ» የሚለው «እንዲፈተሽ ተወስኗል» ይሆናል፤ «ይታያል» የሚለው «ወደፊት የሚታይ ይሆናል» ይባላል። ወረቀቱ ያምራል፤ ሰውየው ግን አሁንም የለም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ተቀምጠን መጀመሪያ ያደረግነው መጻፍ ሳይሆን ምልክት ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን አንድ ፊደል አኖርን፦ ውሳኔ ከሆነ «ው»፣ የሚሠራ ሥራ ከሆነ «ተ»፣ መረጃ ብቻ ከሆነ «መ»፣ ያልተቋጨ ከሆነ «ክ»። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንዱ መስመር ሁለት ሦስት ፊደል ሲፈልግ ነው ነገሩ የሚገለጠው። «3 ዋጋ መጥቷል» መረጃ ነው። «ግዥ እያየው ነው» ምንድን ነው? ሥራ ይመስላል፤ ግን ማየት ማለቂያ የለውም። «10 ዓመት ያለፈው ባይጓዝስ?» ውሳኔ አይደለም፤ አንድ ሰው ያነሳው ሐሳብ ነው፣ ስለዚህ «ክ»። «ተስማሙ» ደግሞ «ው» ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ፊደሉን ከመጻፏ በፊት ቆም አለች። «ፋይናንስ ያኔ ስልክ ሊያነጋግሩ ወጥተው ነበር መሰለኝ» አለች።

በዚህ ደረጃ አንድ ደንብ አወጣን፤ ክፍተት ያለበትን ቦታ ከራሳችን አንሞላም። ጸሐፊዋ ስብሰባው ውስጥ ስለነበረች ብዙውን ነገር «ያው ይህን ማለታቸው ነው» ልትል ትችል ነበር፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ናት። እኔ ስላልነበርኩ ግን ወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር አይገባኝም፤ እየደጋገምኩ «ማን? እስከ መቼ? አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» እላታለሁ። ማስታወሻውን የያዘው ሰው ብቻውን ሲያዘጋጅ ይህን የሚጠይቀው የለም። ለዚህ ነው ስብሰባው ላይ ያልነበረ አንድ ሰው ረቂቁን ቢያነበው ጥሩ የሚሆነው።

ከሰባቱ መስመሮች ብዙ ጊዜ የወሰደብን የሰርቨሩና የኔትወርኩ ነው። ለአይቲ ኃላፊው ደወልኩ። «እንዴት ነው ያለቀው?» ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስብሰባውን እንደገና ያስጀምረዋል። ረቂቁን ነው ያነበብኩለት፦ «የአይቲ ኃላፊ የአዲሱን ሕንፃ ኔትወርክ እስከ ዓርብ ጥቅምት 16 ይፈትሻል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልክ ነው?»

«አይደለም» አለ ወዲያው። «እኔ የምፈትሸው መስመሩ ተዘርግቶ ካለቀ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ገና አልተዘረጋም። የሚያስጨርሰው የሕንፃው ባለቤት ነው፤ እሱን የሚያነጋግረው አስተዳደር ነው።»

«ስብሰባው ላይ ይህን ብለሃል?»

«ብያለሁ። አስተዳደርም እሺ ብለዋል።»

ጸሐፊዋን አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። «ሳይፈተሽ አይሆንም» የሚለው ይህ ሁሉ ንግግር የተጨመቀበት ነበር። ለአስተዳደር ኃላፊዋ ደውለን ስናረጋግጥ «አዎ፣ እስከ ሰኞ አስጨርሳለሁ ብያለሁ» አሉ። ስለዚህ ያቺ አንዲት «ይፈተሽ» ሦስት ሥራ ሆነች፦ ዝርጋታውን ማስጨረስ፣ መፈተሽ፣ ከዚያ ሰርቨሩን ማዛወር። ባለቤቶቹም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሳተው ይህንን ነው። ክትትል የሚባል ሥራ አልነበረም፤ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ።

ገና አልጨረስንም። «ፈተሽኩ የምትለው ምን ስታደርግ ነው?» አልኩት። ሳቀ። «እንደ ጊዜው ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ሰክቶ ማየትም ይቻላል፣ ሁሉንም ነጥብ አንድ በአንድ ማየትም ይቻላል።» የትኛውን ነው የሚያደርገው? ሁሉንም፤ ውጤቱንም በወረቀት ይመዘግባል። ይህም ገባ። አንድ ሥራ አለቀ የሚባለው ሌላ ሰው በእጁ ይዞ ሊያየው የሚችል ነገር ሲኖር ነው፤ የፍተሻ ቅጽ፣ የተፈረመ ውል፣ የተላከ ደብዳቤ። «ይከታተላል»፣ «ያስተባብራል»፣ «ትኩረት ይሰጣል» የሚሉት ቃላት ከተግባር ሠንጠረዥ እንዲወጡ ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲከታተል ቢውል ጨርሷል ወይም አልጨረሰም የሚለው የለም።

ቀጥሎ «ተስማሙ»። የፋይናንስ ኃላፊዋን ቢሮ ሄጄ አነጋገርኳቸው። «ዝውውሩ ቅዳሜ ጥቅምት 24 እንዲሆን በሙሉ ስምምነት ተወስኗል የሚል አለን፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ውስጥ ነበሩ?»

«አልነበርኩም። ስመለስ ስለ ጭነት እያወሩ ነበር። 24 ለእኔ ችግር የለውም፤ ግን ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ሶፍትዌሩ ካልተከፈተልኝ የወር መዝጊያዬ ይበላሻል።»

ይህ ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው። ነገር ግን ስብሰባው ላይ አልተባለም። እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጅ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ ውሳኔው ውስጥ ቀላቅሎ መጻፍ። እንዲህ ሲደረግ ቃለ ጉባኤው በስብሰባው ያልነበረ ነገር ይመሰክራል። ነገ የአይቲ ኃላፊው «ይህን ቅድመ ሁኔታ መቼ ነው የተቀበልኩት?» ቢል መልስ የለንም፤ ያን ጊዜ የሌሎቹም ነጥቦች እምነት አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። ውሳኔው እንደተሰጠው ተጻፈ፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ በዚህ ነጥብ ጊዜ እንዳልነበሩም ተጠቀሰ። ቅድመ ሁኔታው ደግሞ መጨረሻ ላይ «ከስብሰባው በኋላ የተሰጡ ማብራሪያዎች» በሚል ክፍል፣ ቀኑ ተጽፎ፣ ሰብሳቢውና የአይቲ ኃላፊው እንደተስማሙበት ተገልጾ ገባ።

ሰብሳቢው ረቂቁን ሲያዩ ቅር ያላቸው ይህ ነው። «አልነበሩም ብሎ መጻፍ ምን ያደርጋል? ሰው ያስቀይማል እኮ» አሉኝ። አስተያየታቸው ተገቢ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ሰው መክሰሻ አይደለም። እኔም «እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ግን ሙሉ ስምምነት ብለን ከጻፍን እሳቸው ያልሰጡትን ድምፅ ሰጠንላቸው» አልኳቸው። በመጨረሻ «በነጥቡ ውይይት ጊዜ በሥራ ጉዳይ ወጥተው ነበር» በሚል አለሳልሰን ተውነው፤ የፋይናንስ ኃላፊዋም አንብበው ተቀበሉት።

ሰብሳቢው ጋ ሳለሁ አንድ ክፍተት አብሮ ተነሳ። ፍተሻው ዓርብ 16 ቢያልቅና ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ይደረጋል? 24 ይቀራል? ማን ነው የሚያስቀረው? ስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም። ይህ የቃለ ጉባኤ አዘጋጅ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ነው፤ ሊያነሳው ግን ይገባል። ሰብሳቢው «ሰኞ 19 በምንሰበሰብበት ጊዜ ውጤቱን አይቼ ይካሄድ ወይም ይራዘም እላለሁ» ሲሉ፣ ያም የእሳቸው ውሳኔ ተብሎ በማብራሪያዎቹ ክፍል ገባ።

የድሮ ሰነዶቹ ነገር አጭር ነበር፤ አደጋው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የተሳሳተ የዝውውር ቀን ይስተካከላል፤ የተጣለ ሰነድ አይመለስም። ማስታወሻውን በችኮላ ያነበበ ሰው «10 ዓመት ያለፋቸው ሰነዶች እንዳይጓዙና እንዲወገዱ፣ መዝገብ ቤት ዝርዝር እንዲያዘጋጅ፣ ሕግ ክፍል እንዲያየው ተወስኗል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሰዋስው ላይ ምንም ስህተት የለበትም፤ ማስወገዱን ግን ውሳኔ አድርጎታል። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ይህን ይዘው ሰነድ ማቃጠል ቢጀምሩ ማን ይከሳቸዋል? ያዳነን የጸሐፊዋ የጥያቄ ምልክት ነው። «ባይጓዝስ?» ያለው ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ግዥ ናቸው፣ ጭነት ለመቀነስ ብለው። ሰብሳቢው ግን ሕግ ክፍል ሳያይ አንድ ወረቀት አይጣል አሉ» አለችኝ። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ማስታወሻው ላይ የለም። የመስመሩ ዋና ውሳኔ እሱ ሆኖ ሳለ አልተጻፈም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለመሰላት ይሆናል። ሰብሳቢውንና የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ለየብቻ ጠይቀን ሁለቱም አዎ ስላሉ እንደ ውሳኔ ገባ።

በዚሁ መስመር ሌላም ነገር ነበር። «ሕግ ክፍል ይየው» ተብሏል፤ ሕግ ክፍል ግን አልነበረም። በሌለበት ሥራ የተሰጠው ሰው ሥራውን ገና አልተቀበለም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ የሕግ ክፍል ኃላፊውን ስም ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ ተሰብሳቢ ለነበሩት ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አንድ ሥራ ጻፍንላቸው፦ ዝርዝሩን ከደብዳቤ ጋር ለሕግ ክፍል ማስረከብና መረከባቸውን በፊርማ ማረጋገጥ። የሕግ ክፍል አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ደግሞ እሳቸው ሲቀበሉ ይሞላል ተብሎ ባዶ ቀረ። ባዶ ቦታ በቃለ ጉባኤ ላይ ማየት ያሳፍራል፤ ሰውየው ያላወቀውን ቀን ከመጻፍ ግን ይሻላል።

የቀሩትን በፍጥነት ጨረስን። «እሷ ታዘጋጃለች»፤ ክፍሉ ውስጥ ከጸሐፊዋ ሌላ አራት ሴቶች ነበሩ፣ የታሰበችው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ናት። «አስተዳደርና ጥበቃ»፤ ለሁለት የተሰጠ ሥራ ስለሆነ የአስተዳደር ኃላፊዋ ፈጻሚ፣ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊው አጋዥ ሆኖ ተጻፈ፤ ቁልፉ ባይገኝ የምንደውለው ለአንድ ሰው ነው። የመኪና ማቆሚያውን በተመለከተ ጸሐፊዋ ግማሽ ገጽ ክርክር ጽፋ ነበር። ከዚያ ሁሉ የወጣው አንድ መስመር ነው፦ «ውሳኔ አልተሰጠም፤ የአስተዳደር ኃላፊ አማራጮቹን ለጥቅምት 19 ስብሰባ ያቀርባሉ።» ሰብሳቢው ማን ምን እንዳለ ይካተት ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ተዉት። ክርክሩ ለውሳኔው ምክንያት የሆነ እንደሆነ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ውሳኔ ያላስገኘ ክርክር ግን ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤውን ያረዝማል እንጂ ለማንም ሥራ አይሰጥም።

«በቶሎ» የሚለውን ለግዥ ኃላፊው ስንነግረው «አሸናፊውን መርጬ ውሉን ሰኞ 12 አስፈርማለሁ» አለ። ቀን ሲገባ ግን ሌላ ነገር ታየ። ዋጋ ካቀረቡት ድርጅቶች አንዱ የአንድ ሳምንት ቅድሚያ ማሳወቂያ ይፈልጋል። ዝውውሩ 24 ከሆነ ከ17 በፊት መዋዋል አለበት። ይህን ያየነው ሥራዎቹን በአጀንዳ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል ስንደረድራቸው ነው። በአጀንዳ ሲቀመጡ የዝውውሩ ቀን በመጀመሪያ፣ ጭነቱ በሦስተኛ ነጥብ ናቸውና የሚገናኙ አይመስሉም።

የተጠናቀቀው ቃለ ጉባኤ ሦስት ክፍል ነበረው፤ መጀመሪያ ውሳኔዎቹ፣ ከዚያ ሥራዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ማብራሪያዎቹ። ውሳኔና ሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አልተደባለቁም። ውሳኔዎቹ እንዲህ ይነበባሉ፦

> ውሳኔ 1። ዝውውሩ ቅዳሜ ጥቅምት 24 ይካሄዳል። ምክንያት፦ የኔትወርክ ዝርጋታው ለጥቅምት 17 አይደርስም። (የፋይናንስ ኃላፊ በነጥቡ ውይይት ጊዜ በሥራ ጉዳይ ወጥተው ነበር፤ ማብራሪያ ሀን ይመልከቱ።)
>
> ውሳኔ 2። ሰርቨሩ ከሌላው ዕቃ ቀድሞ ይዛወራል፤ ኔትወርኩ ሳይፈተሽ ግን አይነሳም።
>
> ውሳኔ 3። የሕግ ክፍል አስተያየት በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ማንኛውም ሰነድ አይወገድም። 10 ዓመት ያለፋቸው ሰነዶች ይቅሩ የሚለው ሐሳብ ቀርቧል፤ አልተወሰነበትም።

ውሳኔ 3 ላይ ያለችው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ትርፍ ልትመስል ትችላለች። ሆን ብለን ነው የተውናት። ሐሳቡ መነሳቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ ከወር በኋላ «ተነስቶ ነበር» የሚለው «ተወስኖ ነበር» ወደሚለው ይዞራል።

ሥራዎቹ ደግሞ በቀን ተደርድረው፣ እያንዳንዱ በአንድ ሰው ስም፦

| ቁ. | ፈጻሚ | ምን ያስረክባል | ለማን | እስከ መቼ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | የአስተዳደር ኃላፊ | የሁለተኛ ፎቅ ዝርጋታ ያለቀበትን የርክክብ ወረቀት | ለአይቲ ኃላፊ | ሰኞ 12፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 2 | የግዥ ኃላፊ | ከተመረጠው የጭነት ድርጅት ጋር የተፈረመ ውል | ለሰብሳቢ | ሰኞ 12፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 3 | የመዝገብ ቤት ኃላፊ | የሰነድ ዝርዝር፣ የሕግ ክፍል የተቀበለበት ፊርማ ያለበት፤ የሕግ ክፍል አስተያየት የሚሰጥበት ቀን፦ ____ | ለሕግ ክፍል፣ ግልባጭ ለሰብሳቢ | ረቡዕ 14፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 4 | የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ | ለደንበኞች የሚላክ ማስታወቂያ ረቂቅ | ለሰብሳቢ | ሐሙስ 15፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 5 | የአይቲ ኃላፊ | የሁሉም ነጥቦች የፍተሻ ቅጽ፣ ያልሠሩት ተለይተው | ለሰብሳቢ | ዓርብ 16፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 6 | የአስተዳደር ኃላፊ | የመኪና ማቆሚያ አማራጮች በአንድ ገጽ | ለስብሰባው | ሰኞ 19 |
| 7 | የአይቲ ኃላፊ | በአዲሱ ሕንፃ ሥራ የጀመረ ሰርቨር (ተራ ቁ. 5 ካለቀ) | ለሰብሳቢ | ዓርብ 23፣ ከቀኑ 10፡00 |
| 8 | የአስተዳደር ኃላፊ (አጋዥ፦ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ) | የቁልፍ ርክክብ ቅጽ | ለሰብሳቢ | ዓርብ 23፣ ከቀኑ 10፡00 |

ሰዓቱ የገባው «እስከ ዓርብ» ሲባል አንዱ ዓርብ ጠዋት፣ ሌላው ዓርብ ማታ፣ ሦስተኛው ሐሙስን ስለሚረዳ ነው። «ለማን» የሚለው ዓምድ ብዙ ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ እኛ ግን ፈጻሚ ከሚለው ቀጥሎ ትልቁ ዓምድ አድርገን ነው ያየነው። ተቀባይ ያለው ሥራ ሳይደርስ ሲቀር የሚጠይቅ ሰው አለ። የመጀመሪያው ሥራ ተቀባይ ሰብሳቢው ሳይሆኑ የአይቲ ኃላፊው የሆነው በዚህ ስሌት ነው፤ ወረቀቱ ካልመጣ የእሱ ሥራ ስለማይጀመር ለመጠየቅ ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም።

ረቂቁ ረቡዕ ጥቅምት 7 ጠዋት ተላከ። ከኢሜይሉ ጋር ፋይሉ ተያይዟል፤ የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሥራ ግን ኢሜይሉ ራሱ ላይ ከነቀኑ ተጽፏል፤ ፋይል የማይከፍት ሰው ስለማይጠፋ። እርማት ያለው እስከ ሐሙስ 6፡00 እንዲያሳውቅ ተጠየቀ።

ሁለት መልስ መጣ። አንደኛው ከሕዝብ ግንኙነት ነው፦ «ረቂቅ ሳይሆን ማስታወቂያውን ራሱን እልካለሁ ነው ያልኩት፤ ሰብሳቢው ናቸው መጀመሪያ ይዩት ያሉት።» ጸሐፊዋም ሰብሳቢውም የሰብሳቢው ሐሳብ የመጨረሻው እንደነበር አስታወሱ፤ ስለዚህ ረቂቅ እንዳለ ቀረ። ማስታወቂያው ራሱ የሚላክበት ሥራ ግን ሠንጠረዡ ላይ እንደሌለ ያኔ ታየንና ተራ ቁጥር 9 ሆኖ ገባ፤ ሰብሳቢው ካጸደቁት በኋላ እስከ ማክሰኞ 20 ይላካል። ይህ እርማት ነው፤ ስብሰባው ላይ የነበረውን በትክክል እንድንጽፍ የሚረዳ።

ሁለተኛው መልስ ከግዥ ኃላፊው ነው፦ «ተራ ቁጥር 2 ቀኑ ወደ ዓርብ 16 ይቀየርልኝ።» ይህ እርማት አይደለም። ሰኞ 12 ያለው ራሱ ነው፤ አሁን ግን ሐሳቡን ቀይሯል። ሁለቱን አለመለየት ቃለ ጉባኤን ቀስ በቀስ ዋጋ ያሳጣዋል። ቀኑን ዝም ብለን ብንለውጥለት ሌላው ሰው በእጁ ያለውን ግልባጭ ይዞ ይሠራል፤ ከዚያም አልፎ ቀን በስልክ የሚለወጥ መሆኑን ሁሉም ይማራል። ጥያቄውን ወደ ሰብሳቢው መራነው። እሳቸው የማሳወቂያውን ሳምንት ቆጥረው 16 ይጠብባል፣ ሐሙስ 15 ይሁን አሉ። በተራ ቁጥር 2 ጎን የድሮው ቀን ሳይሰረዝ «ሰኞ 12 — በሰብሳቢው ፈቃድ ወደ ሐሙስ 15፣ ጥቅምት 8» ተብሎ ተጻፈ።

ሰኞ ጥቅምት 19 ስብሰባው በሠንጠረዡ ተከፈተ። ሰብሳቢው በየተራው «ደረሰ? አልደረሰም?» ብቻ ይሉ ነበር። የጭነት ውሉ ሐሙስ ተፈርሟል። የዝርጋታው ርክክብ ወረቀት በአንድ ቀን ዘግይቶ ማክሰኞ 13 ደርሷል፤ የአይቲ ኃላፊው ሰኞ ማታውኑ ደውሎ ጠይቋል። የፍተሻ ቅጹ ላይ የሁለተኛ ፎቅ ስብሰባ አዳራሽ ነጥቦች አልሠሩም፤ ሰርቨሩን ስለማይነካ ሰብሳቢው ዝውውሩ በ24 ይቀጥል ብለው ወሰኑ። ሁሉንም ነጥብ መፈተሽ ባይጻፍ ኖሮ አዳራሹን ማንም አያየውም ነበር፤ ያ ብዙ ጉዳት ባያደርስም ከዝውውር በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይታወቅ ነበር።

ያልተሳካም አለ። ሕግ ክፍል ዝርዝሩን ረቡዕ ተቀብሎ ፈርሟል፤ አስተያየት የሚሰጥበትን ቀን ግን አልሞላም። ሠንጠረዥ ሰውን አያስገድድም፤ የሚያደርገው ነገሩ የት እንደቆመ ማሳየት ብቻ ነው። ውሳኔ 3 ስለነበረ አማራጩ ግልጽ ሆነ፤ ሰነዶቹ በሙሉ ይጓዛሉ፣ 10 ዓመት ያለፋቸው ሣጥኖች ተለይተው ቀይ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሰብሳቢው ለሕግ ክፍል ኃላፊው ራሳቸው ሊደውሉ ወሰዱ፤ ያም በእሳቸው ስም እስከ ረቡዕ ጥቅምት 21 ከቀኑ 10፡00 ተብሎ ተጻፈ። በሠንጠረዡ ላይ የሰብሳቢው ስም በፈጻሚነት ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የአስተዳደር ኃላፊዋ ያቀረቧቸው ሦስት የመኪና ማቆሚያ አማራጮች ግን እንደገና አከራከሩ፤ ጸሐፊዋ ማስታወሻዋ ላይ «ክ» ጻፈችና ቀና ብላ «ታዲያ ለመቼ፣ በማን ስም ልጻፈው?» አለች።